«ይህማ ምን አላት!»

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር ወር

እህት ዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? የጋሼ ጉልበት ተሻለው? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አለመጻፌ ጥፋት ነው፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ምክንያቱን ከታች እነግርሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ስለ ባልሽ እህት ነበር የጻፍሽልኝ። የስፌት ቤቱን ከፍተሽ የመጀመሪያውን ቀሚስ የሸጥሽ ዕለት በደስታ ስትነግሪያት፣ «ይህማ ምን አላት! ጓደኛዬ ሁለት ሱቅ ነው የከፈተችው» ብላ የጓደኛዋን ገበያ ስታወራ ቡናው አለቀ። ልጅሽ ሲታመም የእሷ ልጅ የባሰ ታሞ ነበር። መንገድ ሲያደክምሽ እሷ የሄደችው መንገድ ይረዝማል። «እንዲህ ላለ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል?» አልሽኝ። በዚያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር። እኔም ከአንዲት እንዲህ ካለች ሰው ጋር አንድ ፎቅ ላይ እየኖርኩ፣ በሦስት መንገድ መልሼላት በሦስቱም አበላሽቻለሁ።

እዚህ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ነው ያለነው። አራት ቤት በየተራ ቡና እናፈላለን። ከአራታችን ታላቋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ደግ ናቸው፤ ልጅ ስትወልጂ ገንፎ ይዘው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን አንድም ወሬ ሳይበልጡት አያልፍም። ውሃ ጠፍቶ በጄሪካን አራት ፎቅ ተሸክሜ ወጥቼ ስቀመጥ፣ «ይህማ ምን አላት! እኛ ስንገባ እኮ ሊፍት የለ፣ መብራት የለ፣ ሲሚንቶ ሳይቀር ተሸክመናል» ይላሉ። ልጄ ፈተና አለፈ ስል የወንድማቸው ልጅ በስንት ነጥብ እንዳለፈ እሰማለሁ።

መጀመሪያ ተፎካከርኳቸው። እሳቸው አንድ ሲሉ እኔ ሁለት እል ነበር። ይህ የከፋው መልስ ነው፤ ምክንያቱም ቡናው ጨረታ ይሆናል፣ በጨረታ ደግሞ የለመደው ያሸንፋል። ቀጥሎ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አድናቆት ወሰዱትና የእሳቸው ታሪክ ረዘመ፤ እኔ ውስጤ ቂም እየቋጠርኩ እሳቸው ምንም አያውቁም ነበር። ሦስተኛው እናቴ የወደቀች ሰሞን የሆነው ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ወደ እኔ ቤት መጥታ ተኝታለች። ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። ቡናው ላይ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬም፣ «የእኔ እናት እኮ ስድስት ወር ሙሉ ተኝተው ነው ያስታመምኳቸው» አሉ። «ሁልጊዜ የእርስዎ ይበልጣል! ሕመሙም የእርስዎ፣ ሙያውም የእርስዎ!» ብዬ ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩባቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ሦስት ሳምንት ቡና አልተፈላም።

ዓይኔን የከፈተችልኝ ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ነው የምትማረው። ማታ ስናወራ፣ ቻርልስ ደርበር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ምላሾችን እንደለየ ነገረችኝ። አንደኛው ወሬውን እተናጋሪው ዘንድ የሚያቆይ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ራስ የሚያዞር ነው። እኔ «ዛሬ ራሴን ሲያመኝ ዋለ» ብልሽና አንቺ «ከመቼ ጀምሮ?» ብትይ ወሬው የእኔ እንደሆነ ይቀራል። «እኔንም ትናንት አሞኝ ነበር» ብትይ ግን መዞር ጀምሯል። ወዲያው «አንቺስ ምን ወሰድሽ?» ካልሽኝ ይመለሳል፤ ስለ ራስሽ ሕመም ከቀጠልሽ ግን ሄደ።

ይህን ስሰማ የለቅሶ ቤት ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት ሄደን ምን እናደርጋለን? «እኔም ወንድሜን ስቀብር እንዲህ ሆኜ ነበር» እንላለን። ሐዘንተኛው አይከፋውም፤ ብቻዬን አይደለሁም ይላል። ስለዚህ ታሪክን በታሪክ መመለስ በራሱ ጉራ አይደለም፤ ባህላችንም ማጽናኛ አድርጎታል። ልዩነቱ ታሪኩ ተመልሶ እኔ ዘንድ መድረሱ ላይ ነው። እትዬ ስለ እናታቸው ሲጀምሩ ሊያጽናኑኝ ይሁን ሊበልጡኝ አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ታሪካቸው የት እንደሚደርስ ሳልሰማ ጮህኩ። አንቺም ከመመለስሽ በፊት አንድ ትንፋሽ ጠብቂ። የባልሽ እህት ጨርሳ «ያንቺስ ገበያ እንዴት ነው?» ብላ ታውቃለች? አንዳንዴም ቢሆን የምትመለስ ከሆነ ነገሩ ልማድ ነው፣ ይታረማል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ካልተመለሰች ግን ሌላ ነገር ነው።

ልጄ ሌላም ነገር ነገረችኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፣ ስለ ራሳቸው ጉራ የሚነዙ ሰዎች አድማጩ የሚደሰትላቸውንና የሚኮራባቸውን መጠን ከእውነቱ አብልጠው እንደሚገምቱ፣ የሚሰማውን መበሳጨት ደግሞ አሳንሰው እንደሚያዩ አሳይቷል። እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው። እትዬ ሲናገሩ ደስ ያለኝ ይመስላቸው ነበር ማለት ነው! እኔ ንቀት ያልኩትን እሳቸው ስጦታ አድርገው ያቀርቡት ነበር።

ለይቅርታ ሄድኩ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ዳቦ ይዤ። «ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ» አላልኩም፤ ያንን ያልኩ ዕለት ነው የተጣላነው፣ «ሁልጊዜ» የተባለ ሰው ስለ ሁልጊዜው ይከራከራልና። ያልኩት ስለ አንዲት ቀን ብቻ ነው፤ «ያን ዕለት ስለ እናቴ ስነግርዎት ፈርቼ ነበር፤ የእርስዎን ስሰማ የእኔ ትንሽ የሆነ መሰለኝና ጮህኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።» ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ልጄ፣ አይዞሽ ማለቴ ነበር» አሉኝ።

እንግዲህ ልማድ በአንድ ዳቦ አይለቅም። በሳምንቱ ደግሞ ስለ እናቴ ሳነሣ ስድስቱ ወር ተመልሶ መጣ። አሁን ግን እንዲህ አደረግኩ፤ ልብ ብለሽ አንብቢው። መጀመሪያ የእሳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀበልኩ፤ «ስድስት ወር ማስታመም እውነትም ከባድ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ አላዳነቅኩም፣ ታሪኩን የሚያስረዝም ጥያቄም አልጠየቅኩም። ወዲያው «የእኔ እናት ግን ገና አራተኛ ሳምንቷ ነው» ብዬ ወሬውን መለስኩ። ቀጥዬም ከታሪካቸው ውስጥ ለእኔ የሚጠቅመኝን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ «ጀርባቸው እንዳይቆስል ምን ያደርጉ ነበር?»

ይህን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለብኝ፣ በጎን ስትተኛ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ማድረግ እንደሚሻል፣ ተረከዟንና የጀርባዋን ጫፍ በየቀኑ እያየሁ መቅላት መጀመሩን መከታተል እንደሚገባኝ አስረዱኝ። ሐኪም ቤት በጥድፊያ የተነገረኝና ግማሹን የረሳሁት ነገር ነበር፤ ተመልሼ ነርሷን ስጠይቅ ልክ ነው አለችኝ። ማታ መጥተው አብረን አገላበጥናት። ስድስቱ ወር የሚበልጠኝ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የሚረዳኝ እውቀት ሆነ።

ደስታ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ለደስታ የምትጠይቂው ምክር የለም፤ የሚበልጥ ደስታ ደግሞ ለሁሉም ሰው ቅርብ ነው። ስለዚህ ለደስታ ጊዜ የምፈልገውን አስቀድሜ መናገር ጀመርኩ። ልጄ ሥራ ባገኘ ጊዜ ገና በሩ ላይ ሳለሁ፣ «እትዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ምርቃትዎን ፈልጌ ነው» አልኳቸው። ምርቃት የተጠየቀ ታላቅ ሰው ምን ያደርጋል? እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፣ እኛም አሜን አልን። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድማቸው ልጅ ደመወዝ አወሩ፤ ያውሩ። የእኔ ደስታ ግን መጀመሪያ ተቀምጦ ነበር።

የባልሽ እህት ታናሽሽ ስለሆነች ምርቃት አትጠይቂያትም፤ ግን «ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ አብረሽኝ ደስ ይበልሽ» ብለሽ መጀመር ትችያለሽ። ዋጋ በዋጋ ላይ ስትጨምር «ጎበዝ ናት ጓደኛሽ» ብለሽ ወደ ራስሽ ተመለሽ። ካልተመለሰችልሽ ብቻዋን አግኝተሽ ስለዚያች ስለ ቀሚሱ ቀን ብቻ ንገሪያት፤ ባልሽ ፊት ግን በፍጹም አታንሺው፣ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ይሆንና ወገን መለየት ይመጣል። በዚህም ካልሆነ፣ እህቴ፣ ውድ የሆነብሽን ነገር ለእሷ አትንገሪ። የአየሩንና የገበያውን አውሪያት። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ሁሉ ነገር ለሁሉ ሰው አይነገርም። ደግሞም አዋርዳ የምትስቅብሽ ከሆነ እኔ እዚህ የጻፍኩት አይሠራም፤ ያ መብለጥ ሳይሆን መጉዳት ነው፣ መልሱም መራቅ ነው።

አሁን የዝምታዬን ምክንያት ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ ያን ጊዜ የጀመርኩልሽን፣ ያልላክሁትን ደብዳቤ አገኘሁት። አንቺ የስፌት ቤት መክፈትሽን በሦስት ገጽ ጽፈሽልኛል፤ እኔ በመጀመሪያው መስመር «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ፣ በሁለተኛው «እኔም ቤት ገባሁ» እላለሁ። የቀረው ሁለት ገጽ ስለ ኮንዶሚኒየሙ፣ ስለ ዕጣው፣ ስለ በሩ ቀለም ነው። ስለ ስፌት ቤትሽ አንድ ጥያቄ የለበትም። ያን ጊዜ ለምን እንዳልላክሁት አላውቅም ነበር፤ አንድ ነገር ቅር እንዳለኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ባፈርኩ ቁጥር ቀኑ እየራቀ ሄደ።

ስለዚህ አሁን እጠይቅሻለሁ። ያ የመጀመሪያው ቀሚስ ጥለቱ ምን ዓይነት ነበር? ማን ገዛው፣ ለሰርግ ነው ለበዓል? ሁለተኛ የስፌት መኪና እገዛለሁ ብለሽ ነበር፤ ገዛሽ? በሩን መጀመሪያ የከፈትሽ ዕለት ከጎንሽ ማን ነበር? ሳታሳጥሪ፣ እንደ ጀመርሽው በሦስት ገጽ ጻፊልኝ።

እናቴ አሁን በመደገፊያ እስከ በረንዳው ትሄዳለች፤ ሰላም በይልኝ ብላሻለች።

የአንቺው