ቻርቱ የዘገየው ሺቱን እያጠራሁ ስለሆነ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ መጠይቁ ቻርት የት ደረሰ ላላችሁኝ።

ትናንት ሺቱን እንዳለ ቻርት ሳደርገው ገንደ ቆሬ ሦስት ቦታ ወጣ። አንዱ «ገንደ ቆሬ»፣ አንዱ «ገንደቆሬ»፣ ሦስተኛው ደግሞ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ ያለው። ለሺቱ እነዚህ ሦስት ሰፈር ናቸው! ዋናውን ገጽ ሳልነካ ኮፒው ላይ ወደ አንድ አጻጻፍ አመጣኋቸው።

ያደከመኝ ሁለቴ የተሞላው ነው። Remove duplicates ሙሉ ረድፍ ሲያወዳድር ምንም አላገኘም፤ የተላከበት ሰዓት ይለያያላ። በስልክ እንዳልለይ አንዱ በ09፣ ሌላው በ+251 ጽፏል። ስለዚህ በአዲስ ዓምድ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ አወጣሁ፦

```
=RIGHT(REGEXREPLACE(C2&"","\D",""),9)
```

ቁጥሩ ሲደገም ስሙን አያለሁ። ስሙም አንድ ከሆነ የኋለኛውን መልስ አስቀራለሁ። ስሙ ከተለያየ አልሰርዝም፤ እናትና ልጅ በአንድ ስልክ ሞልተው ሊሆን ይችላል።

የሳቢያን ልጆች፣ «ቤታችሁ ቧንቧ አለ?» ለሚለው «የለም» ብላችሁ፣ «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ላይ «3» የሞላችሁ አላችሁ። በግምት አላስተካክለውም። ዛሬ ማታ እደውላለሁ፣ ስልክ አንሱ።