በቦይለር መመሪያ ትርጉም ላይ «የመልስ ትርጉም» ለምን እንደምናሠራ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የቦይለር አሠራር መመሪያ ያስተረጎማችሁ ድርጅቶች ዋጋ ማቅረቢያችን ላይ «የመልስ ትርጉም» የሚል መስመር አይታችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እናንተ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጉሙልን አላችሁ። እኛ ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰን አስተረጎምንና ለሱም አስከፈልን። ምክንያቱን በአንድ ገጽ ላይ ከገጠመን ነገር ተነስተን ብናስረዳችሁ ይሻላል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አንድ ተርጓሚ እዚህ ኮምቦልቻ መመሪያውን ወደ አማርኛ ይተረጉማል። ሁለተኛው ሰው ያለው ደሴ ነው። እሱ የሚደርሰው አማርኛው ብቻ ነው። ዋናውን እንግሊዝኛ አያይም፣ ከመጀመሪያው ተርጓሚ ጋርም አይነጋገርም። ያነበበውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ከዚያ ሦስተኛ ሰው ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ያመሳክራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ብሪስሊን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለዚሁ ጽፏል። እሱ ግን ያሳሰበው በተለያዩ ባህሎች ለሚደረግ ጥናት የሚሆን ጽሑፍ ነበር። እኛን የሚያሳስበን እሳትና እንፋሎት ነው።

ገጹ «ውሃ ሲጠፋ» የሚለው ነበር። የቦይለሩ ውሃ በማሳያው መስታወት ላይ ካልታየ ኦፕሬተሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። መስታወቱ ጥርት ያለ ቱቦ ከሆነ ሙሉ ሲሆንና ባዶ ሲሆን አንድ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መመሪያው የባሰውን ገምት ይላል፦ እሳቱን አጥፋ፣ ውሃ አትጨምር፣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሃው ከወረደ እሳት የሚነካው ብረት ሳይሸፈን ይቀራል፣ ከልክ በላይም ይግላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ብረቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቦይለር የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የኛ የመጀመሪያ አማርኛ እንዲህ ይል ነበር፦ «ውሃ በመለኪያ ብርጭቆው ካልታየ በርነሩን አጥብቅ፤ ውሃ አትጨምር።»

«አጥብቅ» ከየት መጣ? እንግሊዝኛው የተጠቀመበት ግሥ በመዝገበ ቃላት ሲታይ ማጥበቅ፣ ማሰር፣ መጠበቅ ማለት ነው። የቦይለር ሰዎች፣ በተለይ አሜሪካኖች፣ ሲጠቀሙበት ግን «ሥራውን አቁም፣ አጥፋ» ማለታቸው ነው። ተርጓሚያችን መዝገበ ቃላቱን አመነ። አማርኛው ደግሞ ሲነበብ አይጎረብጥም። በርነር የሚጠብቅ ብሎን አለው አይደል? አራሚያችንም አነበበውና አለፈው። ኦፕሬተር ቢደርሰው ኖሮ ቁልፍ ፍለጋ ሲሄድ እሳቱ እየነደደ ይቆይ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ብዙ ያስተማረን። ጽሑፉን መልሶ እንዲተረጉም የሰጠነው ሰው ከቦይለር ጋር ለዓመታት የሠራ ነበር። እሱ የመለሰልን እንግሊዝኛ «በርነሩን አጥፋ» ይላል። ከዋናው ጋር በትርጉም ገጠመ! ሁለቱን ያመሳከረችው ባልደረባችን ግን ቃሉ የተለየ ስለሆነባት ደወለችለት። «አማርኛው ላይ ምን የሚል ቃል ነው ያየኸው?» «አጥብቅ ነው የሚለው። ግን ሊል የፈለገው አጥፋ ነው፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው» አላት። ሰውየው ሥራውን ስለሚያውቅ ስህተቱን በጭንቅላቱ አርሞ ነበር የላከልን። ቅን ሰው ነው። ለኛ ግን ስህተቱን ሸፈነብን። ያንኑ ገጽ ቦይለር አይቶ ለማያውቅ ሌላ ተርጓሚ ስንሰጠው «በርነሩን በብሎን አጥብቅ» የሚል እንግሊዝኛ መጣ። ያኔ ሁላችንም ደነገጥን።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው። መልሶ የሚተረጉም ሰው የተጻፈውን እንጂ የተፈለገውን አይተረጉምም። «እዚህ ጋ ስህተት ያለ ይመስለኛል» ካለ ጠርዙ ላይ ይጽፋል፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አይነካም።

በዚያው መመሪያ ሌላም ተያዘ። ዝቃጭ እንዲወጣ የታችኛው ቫልቭ ለአጭር ጊዜ የሚከፈትበትን ሥራ «የቦይለሩን ውሃ አፍስስ» ብለነው ነበር። ተመልሶ የመጣው «ቦይለሩን ባዶ አድርግ» ሆኖ ነው። አሁን «ብሎውዳውን» የሚለውን፣ ቦይለር ቤት የሚታወቀውን ቃል እንዳለ እንጠቀማለን፣ ቫልቩ ስንት ሰከንድ እንደሚከፈትም አምራቹ ባለው መሠረት አብረን እንጽፋለን።

አሁን ደግሞ ይህ ዘዴ ምን እንደማይዝ ልንነግራችሁ ይገባል። ከላይ «የመለኪያ ብርጭቆ» የሚለውን ልብ ብላችኋል? ሁለቱም የመልስ ትርጉሞች እሱን ትክክል አድርገው ነው የመለሱት። ቃል በቃል ስለተተረጎመ ቃል በቃል ተመለሰ፣ ወረቀት ላይ አንድም ልዩነት የለም። መመሪያውን ይዘን ቦይለር ቤት ስንገባ ግን ኦፕሬተሩ «ምን ዓይነት ብርጭቆ ነው? ውሃ ልለካበት ነው?» ብሎ ጠየቀን። እሱ የሚያውቀው «ጌጅ ግላስ» ነው። እንግዲህ የመልስ ትርጉም ትርጉሙ መዛባቱን እንጂ ሰው መረዳቱን አያሳይም። እንዲያውም ግትር የሆነ፣ ቃል በቃል የተተረጎመ ጽሑፍ ከጥሩ አማርኛ ይልቅ ፈተናውን በቀላሉ ያልፋል። «ልዩነት አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ብቻ የሚያሳያችሁ ሰው ካለ ሥራው ገና አላለቀም በሉት።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። መመሪያው 100 ፒኤስአይ ካለ አማርኛውም 100 ይላል፣ ሲመለስም 100 ነው። ኦፕሬተሩ ፊት ያለው ጌጅ ግን በባር የሚለካ ከሆነ 7 ባር ገደማ ላይ ነው ማየት ያለበት። ይህን የሚይዘው ጌጁን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሙሉ መመሪያውን መልሰን አናስተረጉምም፣ ገንዘባችሁን ማባከን ይሆናል። የመልስ ትርጉም የምናሠራው ውሃ ሲጠፋ፣ እሳት ሲጠፋና እንደገና ሲለኮስ፣ ስለ ሴፍቲ ቫልቭ እና ስለ ብሎውዳውን ለሚናገሩት ገጾች ነው። ስለ ቀለም ቅብና ስለ ዋስትና ያለው ክፍል በተለመደው እርማት ያልፋል። የምናስከፍላችሁም በነዚያ ገጾች ብዛት ብቻ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። ሥራውን ስትልኩ የጌጆቹን፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑንና የቫልቮቹን ፎቶ አብራችሁ ላኩልን። ትርጉሙ ሲያልቅ ደግሞ ቦይለሩን በእጁ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ለግማሽ ቀን ፍቀዱልን። ኃላፊው ሳይሆን ኦፕሬተሩ ራሱ ይሁን። የሌሊት ተረኛ ከሆነ በሱ ሰዓት እንመጣለን። ጽሑፉን ራሱ እያነበበ እያንዳንዱን ነገር በጣቱ ያሳየናል፣ ምንም አይነካም፣ ምርትም አይቆምም። ጣቱ የቆመበትን ቃል እዚያው እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትርጉም ቢሮው ባልደረቦች