ቀንና ሰዓት ስትጽፉልን፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
(ኦክቶበር 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። የዛሬው ደብዳቤ ስለ ክፍያም ስለ ፈተናም አይደለም። ለትምህርት ቤቱ በምትጽፉልን ወረቀትና መልእክት ላይ ቀንና ሰዓት እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል ላስረዳችሁ ነው። ግማሾቻችሁ በእኛ አቆጣጠር ትጽፋላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁና በስልካችሁ የምትመሩት ደግሞ በፈረንጆቹ። ሁለቱም ትክክል ነው። ችግሩ የትኛው እንደሆነ ሳይነገረን ሲቀር ነው።

በሰዓቱ ልጀምር፤ ቶሎ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው።

በቅርቡ ለክሊኒካችን ነርስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ደርሳት ነበር። "መድኃኒቱን 8 ላይ ይዋጥ" ትላለች፤ ሌላ ነገር የለባትም። ልጁ መድኃኒቱን በየ8 ሰዓቱ ነው የሚወስደው። ቤት ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይውጣል፣ ከዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ስለዚህ እናትየው ያሰቡት የእኛን 8 ሰዓት ነው። ነገር ግን ያው ወረቀት በፈረንጅ ሰዓት ከተነበበ 8:00 ማለት የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። እንደዚያ ቢነበብ ልጁ የመጀመሪያውን ከዋጠ ገና በሁለት ሰዓቱ ሁለተኛው ሊጨመርለት ነበር። ነርሷ ስልክ ደውላ ጠየቀች፤ ደግ አደረገች።

ይህ ግርታ በሁሉም ቁጥር ላይ አይመጣም። የእኛ የትምህርት ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ከቀኑ 9 ነው፤ በፈረንጆቹ ከ8:00 እስከ 15:00። በዚህ ውስጥ "5 ላይ" ብትሉን የእኛ ሰዓት እንደሆነ እናውቃለን። በፈረንጆቹ 5 ሰዓት ልጁ እኛ ጋ የለምና። "11 ላይ" ካላችሁም እንዲሁ፣ የፈረንጅ መሆን አለበት። አደገኞቹ አራት ቁጥሮች ናቸው፦ 2፣ 3፣ 8 እና 9። እነዚህ በሁለቱም አቆጣጠር በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይወድቃሉ፤ ልዩነታቸውም ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። 2 ስትሉን የትምህርት መጀመሪያ ይሁን ልጆቹ ሊወጡ አንድ ሰዓት የቀራቸው ጊዜ ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። በተለይ "ልጄን 9 ላይ አጎቱ ይወስደዋል" የሚል መልእክት ሲመጣ የበር ጥበቃው የሚጠብቀው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 9 ሰዓት ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ከሰዓቱ ፊት "ከጠዋቱ"፣ "ከቀኑ"፣ "ከምሽቱ" ወይም "ከሌሊቱ" ብላችሁ ጨምሩ። በፈረንጅ ሰዓት መጻፍ ከቀለላችሁ ደግሞ በ24 ሰዓቱ አጻጻፍ ይሁን፤ ማለትም 2 ሳይሆን 14:00፣ 8 ሳይሆን 08:00። እኛም ከዚህ በኋላ የምንልክላችሁ ማስታወቂያ ሁሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ይይዛል። "ኧረ ይገባቸዋል" ተብሎ የሚታለፍበት ቦታ አይኖርም።

ሌሊት ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ለጉዞ አውቶቡሱ "ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት" ይነሳል ቢባል የቱ ሌሊት ነው? ለብዙዎቻችን ሌሊቱ ያለፈው ቀን ነው፤ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስልካችሁ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይቀይራል። ስለዚህ አንዱ ወላጅ ልጁን ዓርብ አዳሩን ያስነሳል፣ ሌላው ቅዳሜ አዳሩን። ለዚህ መድኃኒቱ አያቶቻችን የሚሉት ነው፦ "ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት"። ከጎኑ "ቅዳሜ 05:00" ብለን እንጽፋለን።

አሁን ወደ ቀን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በመዝገባችን ውስጥ ያገኘነው አብዛኛው ስህተት የልደት ቀን ነው።

ብዙ ሰው "ሰባት ዓመት ደምር" ወይም "ስምንት ዓመት ቀንስ" ብሎ ይሰራል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። መታጠፊያው ታኅሣሥ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ታኅሣሥ ወር ደግሞ ሁለቱንም ይነካል። አንድ ልጅ ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ታኅሣሥ 1 በዚያ ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን 2017 ነበር። ከዚያ 24 ቀን ብትቆጥሩ ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ላይ ትደርሳላችሁ። ሰባት ደምሮ የጻፈ ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ይላል። ልጁ በወረቀት ላይ በአንድ ዓመት አረጀ።

እንዲህ ያለውን ለመያዝ ጥሩ ዘዴ የሳምንቱ ቀን ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ረቡዕ ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 2018ም ረቡዕ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ግን ማክሰኞ ላይ ይውላል። ቀኑ ካልተጣጣመ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ስለዚህ ስትችሉ የሳምንቱን ቀን ጨምሩልን፤ ለእኛ መቆጣጠሪያ ይሆነናል።

ከዓመት ስህተት ይልቅ የሚሸሸገው የአንድ ቀን ስህተት ነው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማግስት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል፤ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ከደረሰ በኋላ ይስተካከላል። በ2008 እና በ2012 ዓ.ም. በዚያ ወቅት የተወለዱ ልጆች አሉን። "መስከረም 1 ሁሌም ሴፕቴምበር 11 ነው" ብሎ በአእምሮው የቀየረ ወላጅ የልጁን ቀን በአንድ አሳጥሮ ሰጥቶናል። ማንም አያየውም። የሚታየው ፓስፖርት ሲወጣና የመንግሥት ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ጋር አልገጥም ሲል ነው።

ሦስተኛው ጠንቅ ቁጥር ብቻ መጻፍ ነው። አንድ ወላጅ 12/2/2010 ብለው ሞሉ። ልጁ የተወለደው ጥቅምት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 2017። ኤክሴል ግን ስለ ጥቅምት የሚያውቀው ነገር የለም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 ብሎ ተቀበለውና ዕድሜውን አሰላ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን በአንድ ጊዜ 15 ዓመት ሞላው። ሌላ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ፣ ወርን ከቀን የሚያስቀድም፣ ዲሴምበር 2 ይለው ነበር። የሚገርመው ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ ቢሆን ይሻለው ነበር። 30/2/2010 ሲገባ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለው ቀን አድርጎ አይቀበለውም፤ ጽሑፍ አድርጎ በሳጥኑ ግራ ጥግ ይተወዋል። ትክክለኛ ቀን ብሎ የተቀበለው ግን ወደ ቀኝ ይጠጋል። የመዝገብ ሠራተኞቻችን ስህተት የሚያድኑት በዚህ ነው፤ ወደ ግራ የተጠጋውን እያዩ። ተሳስቶ ወደ ቀኝ የተጠጋውን ግን ይህ ዘዴ አያገኘውም። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉልን። ጥቅምት ይባል ኦክቶበር፣ ከቁጥር ይሻላል።

ከእናንተ የምንፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቀኑን ራሳችሁ አትቀይሩልን። የልደት ወረቀቱ ወይም የክትባት ካርዱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ ገልብጡት፣ "ዓ.ም." በሉበት። በፈረንጆቹ ከሆነ እንደዚያው ተውትና "እ.ኤ.አ." በሉበት። የምንቀይረው እኛ ነን፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቱም ጎን ለጎን መዝገቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ የመጣው እንዳለ፣ የተቀየረውም 2018-01-03 በሚል አንድ ዓይነት አጻጻፍ። የመጣው ከጠፋ ስህተት ሲገኝ ማስተካከል አይቻልም። ደግሞ አባት የቀየሩትን ጸሐፊያችን እንደገና ሲቀይሩት ልጁ ሌላ ስምንት ዓመት ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህ ቀልድ አይደለም፣ በአንድ ፎርም ላይ አይተነዋል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር። የሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ በኢንተርኔት ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 15 ቀን 2025) ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ይህ በስልክ አቆጣጠር 20:00 UTC+3 ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ያላችሁ ቀትር 12:00 ላይ ትገናኙናላችሁ። ያለፈው ስብሰባ መስከረም 24 ቀን በዚሁ ሰዓት ሲደረግ በእናንተ 13:00 ነበር። እኛ ሰዓታችንን አልቀየርንም፤ እናንተ ጋ ኖቬምበር 2 ላይ ሰዓቱ በአንድ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ነው። ባለፈው የያዛችሁትን ሰዓት ካመናችሁ አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ትገባላችሁ። ስለዚህ በቃለ ጉባዔውም በግብዣውም ላይ 2025-11-15 20:00 +03:00 ብለን ስለምናሰፍር፣ ስልካችሁ ላይ ይህንን ካስገባችሁ የአገራችሁን ሰዓት ራሱ ያወጣል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የልጃችሁ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈበት ፎርም ይደርሳችኋል። የሳምንቱም ቀን አለበት። ከልደት ወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ልክ ከሆነ ፈርሙበት፤ ካልሆነ በላዩ ላይ አትሰርዙ፣ ከጎኑ ጻፉና የልደት ወረቀቱን ቅጂ አያይዙ። እስከ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 9 ሰዓት (15:00) ድረስ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ወይም ለመዝገብ ክፍል ስጡ። የታዘዘ መድኃኒት ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ እስከዚያ ሳትጠብቁ፣ ሰዓቱን ከላይ እንዳልኩት አድርጋችሁ ለክሊኒካችን ነርስ በነገው ዕለት ላኩላት።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር