ሰርተፊኬቱ እንዲነበብም 500 ኪሎባይት እንዳያልፍም ከፈለጋችሁ

ይድረስ ለኦንላይን ምዝገባው ክፍል ኃላፊና ሲስተሙን ለምታስተዳድሩ ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ሰነድ ስካን ማድረግና ለአመልካቾች ፋይል ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ፎርማችሁ የሚያመጣውን ጣጣ ከእናንተ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ።

መመሪያችሁ ላይ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አለ። አንድ ቦታ «የትምህርት ማስረጃው በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ ስካን ይደረግ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ፒዲኤፍ ብቻ፣ ከ500 ኪሎባይት ያልበለጠ» ይላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን ሲደረግ 3508 በ2480 ፒክስል ይሆናል፤ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 3 ባይት ስለሚፈልግ ምስሉ ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። 500 ኪሎባይት ውስጥ ለመግባት ከ50 እጥፍ በላይ መጨመቅ አለበት። ነጭ ወረቀት ላይ አሥር መስመር ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ችግር የለውም ነበር። ሰርተፊኬት ግን ዙሪያውን ሐረግ አለው፣ ከጀርባው ስስ ንድፍ አለው፣ ማህተምና ፊርማ አለው፣ አንዳንዱ ፎቶም አለው። ጄፔግ የሚባለው የምስል አጨማመቅ ደግሞ በጣም የሚቸገረው እንዲህ ባለ ደቃቅ መስመር ነው።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? የመጣለትን። አንዱ የፋይሉን ስም መጨረሻ .jpg የነበረውን .pdf ብሎ ይቀይረዋል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ጄፔግ ነው፤ ሲስተማችሁ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አይቶ ይመልሰዋል (እውነተኛ ፒዲኤፍ በ%PDF ነው የሚጀምረው)። ግን ለምን እንደመለሰው አይናገርም፣ «ፋይሉ ተቀባይነት የለውም» ብቻ። ሌላው ዚፕ ያደርገዋል፣ ውስጡ ያለው ምስል ድሮውንም የተጨመቀ ስለሆነ መጠኑ ንቅንቅ አይልም።

ብዙው ሰው ግን የሚሮጠው ወደ ጥቁርና ነጭ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሁለት ዓይነት ጥቁርና ነጭ አለ። አንደኛው እያንዳንዱን ነጥብ ወይ ድፍን ጥቁር ወይ ድፍን ነጭ የሚያደርገው ነው። እውነት ነው፣ ፋይሉ በጣም ያንሳል። ግን ሰማያዊው ማህተም ወይ ይጠፋል ወይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፣ ፎቶው ደግሞ የቀለም መፍሰስ ይመስላል። ሁለተኛው ግራጫ ነው፣ ስካነሩ ላይ Grayscale የሚለው። እሱ ማህተሙን አያጠፋም፣ ግን ሰው እንደሚያስበው ፋይሉን በሦስት እጥፍ አያሳንሰውም፤ ጄፔግ ቀለሙን ድሮም በጥቂት ቦታ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቀለሙን መስዋዕት አድርጎ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ፋይሉን የሚያከብደው የነጥቡ ብዛት ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በቅርቡ የሠራሁት የዲግሪ ሰርተፊኬት በ300 ዲፒአይ በቀለም 3 ሜጋባይት አልፎ ነበር። መጀመሪያ የስካነሩን ጠርዝና ጥላ ቆረጥኩ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ የማይጠቅም ነጥብ ግን ቦታ ይበላል። ቀጥዬ ስፋቱን ወደ 1754 በ1240 ፒክስል ቀነስኩት፣ ማለትም ወደ 150 ዲፒአይ። ዲፒአዩ በግማሽ ሲቀንስ ነጥቡ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ዋናው ቁጠባ ያለው እዚህ ነው። ከዚያ ጄፔግ አድርጌ ጥራቱን 75 ላይ ሴቭ ሳደርገው ገና ከ600 ኪሎባይት በላይ ነበር። ወደ ዋናው ስካን ተመልሼ እንደገና አሳንሼ 60 ላይ ሴቭ አደረግኩት፣ 430 ገደማ ሆነ። ያንኑ የተጨመቀውን ፋይል ደግሞ መጨመቅ አይሆንም፤ በየሴቭው ብልሽት ይደራረባል። መጨረሻ ላይ ምስሉን ፒዲኤፍ ውስጥ ከተትኩት፣ ይሄ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው።

ፋይሉ ከመላኩ በፊት ግን 200 ፐርሰንት አጉልቶ ማየት ግድ ነው። እኔ ስሙን አይደለም ቀድሜ የማየው፣ ስም በትልቅ ፊደል ስለሚጻፍ ምንም አይሆንም። የማየው ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ የመዝገብ ቁጥሩንና በማህተሙ ዙሪያ የተጻፈውን ነው። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ይጨክናል። ሁ እና ሂ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ አንዷ ወገቡ ላይ፣ አንዷ እግሩ ላይ። መጠኑ 8 ፖይንት የሆነ ፊደል በ300 ዲፒአይ 33 ፒክስል ያህል ቁመት አለው፣ በ150 ወደ 17 ይወርዳል፣ አሁንም ይነበባል። በ72 ግን 8 ፒክስል ብቻ ይቀረዋል፣ ቅጥያዋም ጭጋግ ሆና ትቀራለች። በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ነገር ካያችሁ ጥራቱ ከልክ በላይ ወርዷል ማለት ነው፤ 3 እና 8 መምታታት የሚጀምሩት ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ የማያውቅ ሰው መፍትሔ ሲያጣ ፍለጋ ይገባና «ፒዲኤፍ በነጻ ያሳንሱ» የሚል ዌብሳይት ላይ ሰርተፊኬቱን ይጭናል። ማን እንደሚያስተዳድረው አይታወቅም፣ ፋይሉን መቼ እንደሚያጠፋው አይታወቅም። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ ለፎርጂድ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ አለ። እዚያ የገፋው ደግሞ የእናንተ ገደብ ነው። ይሄ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ገደቡን 5 ሜጋባይት አድርጉትና ማሳነሱን እናንተው ሥሩት። በነጻ የሚገኘው ጎስትስክሪፕት በአንዲት ትእዛዝ ይሠራዋል፦

```
gs -sDEVICE=pdfwrite -dPDFSETTINGS=/ebook -dNOPAUSE -dBATCH -sOutputFile=out.pdf in.pdf
```

ይህ ትእዛዝ ውስጡ ያሉትን የ300 ዲፒአይ ምስሎች ወደ 150 ያወርዳቸዋል። በ/ebook ቦታ /screen እንዳታስገቡ፣ እሱ 72 ላይ ስለሚያወርደው ከላይ ያልኩት ጭጋግ ይመጣል። ዋናውንም ፋይል አትጣሉት፣ ማህተም አጠራጣሪ ሲሆን ሠራተኛችሁ የሚያየው እሱን ነው።

ማከማቻ የለንም ካላችሁና 500ው የግድ ከሆነ ደግሞ «300 ዲፒአይ» የሚለውን አንሡና «በ150 ዲፒአይ፣ በቀለም» ብላችሁ ጻፉ። ፋይል ስትመልሱም ምክንያቱን ንገሩን፦ መጠኑ በልጦ ነው፣ በስንት በለጠ? ወይስ ፒዲኤፍ ስላልሆነ ነው? አመልካቹ የጫነውን ደግሞ «አስገባ» ከማለቱ በፊት አጉልቶ የሚያይበት ገጽ ይኑረው። አሁን የማይነበብ መሆኑን የሚያውቀው ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ 500 ኪሎባይት ስትሉ 500,000 ባይት ነው ወይስ 512,000? 505,000 ባይት የሆነ ፋይል አንዱ ኮምፒውተር 493 ብሎ ያሳያል፣ ሌላው 505። እባካችሁ ይሄንንም ፎርሙ ላይ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰነድ የሚያዘጋጅላችሁ ሰው