የሌሊት ዱቲሽን ለሸፈነችልሽ ልጅ

ልጄ፣ ሰላም ነሽ? አባትሽ ደህና ነው። ስፌቱ ደርቋል፣ ትናንትማ ሂርማታ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብሎ ተቆጥቼዋለሁ። ስለ እሱ አታስቢ።

ዛሬ የምጽፍልሽ አንቺ ለአባትሽ ኦፕራሲዮን ጅማ ስትመጪ የሌሊት ዱቲሽን ስለሸፈነችልሽ ባልደረባሽ ነው። «አመሰግናለሁ ብዬ ቴክስት አድርጌላታለሁ» አልሽኝ። አይበቃም። ዋርድ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የዱቲ ፕሮግራሙን እዪው። ቅያሬ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ያልቅና ወረቀቱ ላይ የድሮው ስም እንዳለ ይቀራል። ክፍያው የሚሠራው ደግሞ በወረቀቱ ከሆነ እሷ አድራ ብሩ ላንቺ ይገባል ማለት ነው። አፍ አውጥታ ባትናገርም ታየዋለች። የወሩ ክፍያ ሳይዘጋ ለሜትረኗ ንገሪና ስሙ ይስተካከል። ካለፈ ብሩን በእጇ ስጫት፣ ስጦታ ነው እንዳትያት ብቻ፣ የራሷ ገንዘብ ነው። ደግሞ በዚያ ሌሊት ስለተሰጠ መድኃኒት ነገ ጥያቄ ቢነሳ፣ ፕሮግራሙ ያንቺን ስም ቻርቱ የእሷን ፊርማ ይዘው ቢገኙ ሁለታችሁም ትጨነቃላችሁ።

ቀጥሎ ዱቲውን መልሽላት። «በፈለግሽ ቀን ንገሪኝ» አትበያት፣ ይሉኝታ ይዟት መቼም አትጠይቅሽም። ቀን ጠርተሽ ንገሪያት። ሌሊት በሌሊት፣ የእሁድ በእሁድ ይመለስ። ቀን ሠርተሽ በዚያው ግን እንዳታድሪላት፤ የደከመ ሰው ዶዝ ይሳሳታል፣ ዕዳሽን በሽተኛው ይከፍልልሻል።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለእንዲህ ዓይነት ከባድ ችግር እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፣ በበጀት ዓመት ከ2 ጊዜ በላይ ግን አይሆንም። መብትሽ ነው፣ አልክድም። ግን አዋጁ አንቺን ይለቅሻል እንጂ አልጋዎቹ ጋ ሰው አያቆምም። የቆመችው እሷ ናት።

ስትጽፊላት ያደረገችውን በስሙ ጥሪው። እኔ ብሆን እንዲህ እላት ነበር፦ «በዚያ ሰዓት ስደውልልሽ ለምን ሳትይ ገባሽልኝ። አባቴ ከኦፕራሲዮን ሲወጣ አጠገቡ የነበርኩት ባንቺ ነው። የመጪውን ቅዳሜ ሌሊት እኔ ልግባልሽ፣ ካልተመቸሽ የሚቀጥለውን። ለሜትረኗም ነግሬያታለሁ።» በቃ። ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ እያልሽ አትደርድሪ፣ አንቺን ማጽናናት ሌላ ሥራ ይሆንባታል። በዋርዱ ግሩፕ ላይ ከማመስገንሽ በፊት ደግሞ ቅያሬው መመዝገቡን አረጋግጪ፣ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል አይጠፋም።

እኔም ቡና ቆልቼ ፈጭቼላታለሁ፣ ትንሽ ማርም አለ። ሐሙስ በአውቶቡስ እልከዋለሁ፣ መናኸሪያ ወጥተሽ ተቀበይ። ያንቺ ድርሻ የለበትም።

እናትሽ