«እስቲ ከእኔ ጋር በል» አፌዚያን ብቻውን አይለይም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስትሮክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ደም ግፊት የተባለው ጥሩ ነው። ስለ ንግግር የተባለው አንድ አንቀጽ ግን አሳስቦኛል። «ስትሮክ አንደበቱን የያዘው ሰው የሚባለውን ሁሉ ይረዳል፤ ያቃተው መናገር ብቻ ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡት» ይላል። የነርቭ ሐኪም ነኝ። ይህ አባባል የሚሠራው ለአንዳንዱ ታማሚ ነው። ለሌላው ግን ቤተሰብን ያሳስታል፤ አንዳንዴም ታማሚውን ያለ ቦታው ያስወስዳል።

ዋርድ ውስጥ በየጊዜው የማየው ነገር አለ። ልጅ አባቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጥና «አባዬ፣ እስቲ ውሃ በል። ውሃ!» ትላለች። እሱ ካላለ ፊቷ ይለወጣል። «በቃ ጠፍቶበታል፣ አይሰማንም» ብላ ለወንድሞቿ ትደውላለች። ቤተሰብ የሚያውቀው ፈተና ይህ ብቻ ነው፤ መድገም። አንጎል ሲጎዳ ቋንቋ የሚታወክበት ሕመም አፌዚያ ይባላል። ችግሩ በዋነኞቹ ሦስት ዓይነቶቹ ላይ ታማሚው ይህን ፈተና መውደቁ ነው። የሚናገረው ያቃተውም፣ የሚሰማው የማይገባውም፣ ሁለቱም ደህና የሆነለትም መድገም ይቸግራቸዋል። ስለዚህ መድገም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከሁለት ነገሮች ጋር አብሮ መታየት አለበት፦ ንግግሩ ይፈስሳል ወይ? የተባለው ይገባዋል ወይ?

የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው፤ የመናገር አፌዚያ ወይም የብሮካ አፌዚያ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር ብዙም የማይወጣው አንድ ታማሚ ሲሞት አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱን ያገኘው በግራ በኩል፣ በፊተኛው የአንጎል ክፍል ታችኛው እጥፋት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቃል በቃል እያማጠ ነው የሚያወራው። «እኔ... ትናንት... ሆስፒታል... መጣ» ይላል። የግሱ መጨረሻ ይሳሳትበታል፣ አያያዦቹ ይቀራሉ፣ ቁም ነገሩ ግን አለ። ቀኝ እጁም አብዛኛውን ጊዜ ይዝላል፤ እጅን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ጎረቤት ስለሆነ። የሚባለው በአብዛኛው ይገባዋል፤ ስለዚህም ይናደዳል፣ ያለቅሳል። የጽሑፋችሁ አንቀጽ የሚገልጸው ይህን ሰው ነው። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደለም። «አንበሳው በነብሩ ተገደለ። የሞተው የትኛው ነው?» ብትሉት ሊሳሳት ይችላል። ቃላቱ ቢገቡትም ማን ማንን እንደገደለ የሚነግረውን የሰዋስው ቅንጣት ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ነው ልቤን የሚያደማኝ። አንዲት እናት ማለዳ ተነስተው ማውራት ይጀምራሉ። ድምፃቸው ያው ነው፣ ዜማው ያው ነው፣ ቃላቱ ግን አይያያዙም። «ምን ሆኑ እማማ?» ሲባሉ «እሱማ ያው ነው ልጄ፣ ገበያውን ስከድነው መንጠሎው መጣና ተሰጣጠን» ይላሉ። «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲባሉም መልሱ በዚያው ቃና ይቀጥላል። እጃቸው ይሠራል፣ እግራቸው ይራመዳል፣ ፊታቸው አልተጣመመም። ስለዚህ ቤተሰቡ ስትሮክ ብሎ አያስብም። አእምሯቸው ታወከ ይባላል። ጸበል ይወሰዳሉ፣ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ እኛ ጋ የሚደርሱት ቀናት ካለፉ በኋላ ነው።

ስንመረምራቸው «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ሲባሉ ጨፈኑ። ልጃቸው ይህን አይታ «አያችሁ፣ ይሰማሉ» አለች። እንዲህ ያለ መላ ሰውነትን ወይም ዓይንን የሚመለከት ትእዛዝ ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ሲጠፋም ይቀራል። ቀጥለን «በግራ እጅዎ ቀኝ ጆሮዎን ይንኩ» አልን፤ ምንም ምልክት በእጃችን ሳናሳይ። ፈገግ ብለው ማውራታቸውን ቀጠሉ። «በረዶ ይሞቃል?» ስንላቸው አዎ፣ «በረዶ ይቀዘቅዛል?» ስንላቸውም አዎ። መድገም ስንጠይቅ ከጠየቅነው ጋር የማይገናኝ ዐረፍተ ነገር መጣ። መሳሳታቸውን አላወቁም፣ አልተናደዱም። ምስሉ ሲነሳ ጉዳቱ በግራው የጎን አንጎል ከላይና ከኋላ ነበር። ክንድና እግር የሚያዝዘው ክፍል በሌላ የደም ቅርንጫፍ ስለሚመገብ አልተነካም። የልብ ምታቸው የተዛባ ነበር፤ የረጋው ደም ከልብ ተነስቶ ሳይሆን አይቀርም። በጊዜ ቢመጡ፣ መድኃኒቱ ባለበት ቦታ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሊታሰብ ይችል ነበር። ይህ የመረዳት አፌዚያ ነው፤ የቨርኒኬ አፌዚያም ይባላል። ለእነዚህ እናት እስክሪብቶ መስጠት አይጠቅምም። የሚጽፉትም እንደሚናገሩት ነው፤ የታመመው አፍ ሳይሆን ቋንቋው ራሱ ስለሆነ።

ሦስተኛውን ከሐኪም ውጭ ብዙም የሚያውቀው የለም። ኮንዳክሽን አፌዚያ ይባላል፤ የማስተላለፍ ማለት ነው። ጀርመናዊው ካርል ቨርኒኬ እ.ኤ.አ. በ1874፣ ገና በ26 ዓመቱ ባሳተመው ጥናት፣ ድምፅን የሚለየው የኋላ ክፍልና ንግግርን የሚያዘጋጀው የፊት ክፍል ደህና ሆነው ግንኙነታቸው ቢቋረጥ ምን ይሆናል ብሎ አሰበና የራሱ መልክ ያለው ሕመም እንደሚኖር ተነበየ። ትንበያው በዋናው ሐሳብ እውነት ሆኗል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንዲህ ሆነው መጡ። ጨዋታቸው ይፈስሳል። ልጃቸው መጥታ እንደነበር፣ ምን እንዳመጣችላቸው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ። አልፎ አልፎ ብቻ ፊደል ይገለበጥባቸዋል፤ «ብርታኩን... ብርካቱን... ብርቱካን» ይላሉ። የነገርናቸውን ሁሉ፣ የግራና ቀኙን ትእዛዝ ጭምር፣ ያለ ስሕተት ፈጸሙ። ከዚያ «መስከረም ይበሉ» አልናቸው። «መክስረም... አይደለም... መስረከም... መስከ... መስከረም!» አሉ፤ ላብ እያላባቸው። የቨርኒኬ ታማሚ ስሕተቱን አይሰማም፤ እሳቸው ግን እያንዳንዱን እየሰሙ፣ እያረሙ፣ ወደ ቃሉ እየተጠጉ ነበር የሚሄዱት። ትርጉም የሌለው «ዘርመኮት» የሚል ቃል ስንሰጣቸው ጭራሽ አልቻሉም።

በጣም የገረመኝ የሚቀጥለው ነው። «ሐኪሙ ነገ ጠዋት ወደ ክፍሉ ይመጣል» የሚለውን እንዲደግሙ ጠየቅናቸው። «ነገ... ዶክተሩ... እዚህ ይመጣል፣ በጠዋት» አሉ። ቃላቱ ተለዋውጠዋል፣ ሐሳቡ አንድም አልጎደለም። መልእክቱ ደርሷል፤ የጠፋው የድምፁ ቅደም ተከተል ነው። ሚስታቸው ግን ለቀናት «እኔ የምልህን እንኳ መድገም አቃተህ» ስትላቸው ነበር። እሳቸው የምትለውን አንድ በአንድ እየሰሙ።

ይህ የሚሆነው የሰማነው ነገር በአንጎል ውስጥ በሁለት መንገድ ስለሚሄድ ነው። አንዱ በታችኛው በኩል ወደ ትርጉም ያመራል። ሌላው ከጆሮ በላይ ባለው የጎንና የላይኛው አንጎል መገናኛ በኩል ዞሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሰማነውን ድምፅ ለአፍ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሚያገናኘው ቅስት የሚመስል የነርቭ ጥቅል አርኩዌት ፋሲክለስ ይባላል። የመምህሩ ጉዳት እዚህ ነበር፤ ታችኛው መንገድ ክፍት ነው። ድሮ ኮንዳክሽን አፌዚያ የጥቅሉ መቆረጥ ብቻ ነው ይባል ነበር። ዛሬ የምናየው በአብዛኛው እዚያው መገናኛ ላይ ያለው የአንጎል ልባስም አብሮ መጎዳቱን ነው። ድምፁን ለአፍታ ይዞ የሚያቆየው ቦታም እዚያ ስለሆነ ረጅም ዐረፍተ ነገር ከአጭር ቃል በላይ ይከብዳል። የብሮካ ታማሚ ፊት ላይ ያለው መጨረሻ ስለተነካ፣ የቨርኒኬ ታማሚ ደግሞ ኋላ ያለው መግቢያ ስለተነካ አይደግሙም። የመንገዱ የትኛውም ቦታ ቢነካ መድገም ይወድቃል፤ ሦስቱም የሚወድቁት ለዚህ ነው። ከዚህ መንገድ ውጭ ብቻ ሲጎዳ ግን በጣም ደካማ የሆነ ታማሚ እንኳ ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲደግም ታያላችሁ።

በሥራ ቦታ የሚያስቸግረን ሌላም አለ። ታማሚው የሚፈተነው አፉን በፈታበት ቋንቋ መሆን አለበት። አፉን በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ የፈታን ሰው በአማርኛ «ድገም» ብሎ አልቻለም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። መስማቱም መረጋገጥ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ሥዕሉ ጥርት ብሎ አይወጣም። ሁሉንም ያጣ ሰው ሳምንታት ሲያልፉ ወደ ብሮካ ዓይነት ሊሸጋገር ይችላል። የቨርኒኬው ሲሻለው አንዳንዴ ኮንዳክሽን ይመስላል። ከሦስቱ ለአንዱም ቁልጭ ብሎ የማይገባ ታማሚም ብዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን የተሰጠ ስም እንደ ፍርድ አይያዝ፤ ምርመራው ይደገም።

የሦስቱ ቤተሰብ የሚያደርገውም አንድ አይደለም። የብሮካ ታማሚን ቃሉን ከአፉ ሳትነጥቁ ጠብቁት፤ አዎና አይደለም የሚባል ጥያቄ ጠይቁት። የቨርኒኬ ታማሚ ፊት ጮኾ መናገር ዋጋ የለውም። አጭር ተናገሩ፣ ዕቃውን አሳዩ፣ በእጅ ጠቁሙ። የኮንዳክሽን ታማሚን ደግሞ «እኔ ያልኩትን በል» እያላችሁ አትመዝኑት። በራሱ ቃላት ይንገራችሁ። የመድገም ልምምድ ካስፈለገ የንግግር ቴራፒስት በልኩ ይስጠው።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ሁሉን ይረዳል» የሚለው አባባል በሚቀጥለው ዕትም ይታረም። ሁለተኛ፣ የስትሮክ ምልክት ስትዘረዝሩ የፊት መጣመምና የእጅ መዛል ብቻ አይሁን። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ትርጉም የለሽ ነገር በፈጣን አነጋገር ማውራት ከጀመረ፣ እጅና እግሩ ቢሠራም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ የሚል መስመር ጨምሩበት። ደህና ሆኖ መጨረሻ የታየበትንም ሰዓት ቤተሰቡ ይዞ ይምጣ፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የነርቭ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ