ስለ ድሃ አጫሾች ያወጣችሁት ቁጥር ዋጋን አይለካም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ትምባሆ ታክስ በቅርቡ ያወጣችሁትን ትንታኔ ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊው ከቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መረጃ ወስደዋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሲጋራ ያወጣውን ገንዘብ በገዛው ፓኬት ብዛት አካፍለው ያገኙትን ውጤት «ዋጋ» ብለውታል። ከዚያም ይህን «ዋጋ» ከፓኬቱ ብዛት ጋር አነጻጽረው፣ ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ድሃ ቤተሰቦች የሚያጨሱትን በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ ሲሉ ጽፈዋል። መደምደሚያቸውም ታክሱ የድሃውን ኪስ አይነካም የሚል ነው። በትምባሆ ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ መጣሉን ከልብ እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጥናት መረጃ በማጣራት ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ይህን ስሌት አይቶ ዝም ማለት አይችልም። የተለካው ነገር ዋጋ አይደለምና።

ኢኮኖሚስቶች የዋጋ ልጠጣ የሚሉት ነገር ቀላል ነው፤ ዋጋ በ1 በመቶ ሲለወጥ ፍጆታ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ ያሳያል። በርካታ ጥናቶች ሲጠቃለሉ የሲጋራ ልጠጣ ባደጉ አገሮች −0.4 አካባቢ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ −0.5 አካባቢ ይሆናል። ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታ በ4 ወይም በ5 በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። የድሃው ምላሽ ከአገሩ አማካይ ይበልጣል የሚለው ግምት በብዙ ቦታ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ወደ −0.9 የተጠጋ ቁጥር ሲመጣ ግን ቆም ብሎ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የማስታወስ ስህተትን እንውሰድ። አንድ ቤተሰብ በወር 10 ፓኬት ገዝቶ 600 ከፍሏል እንበል፤ የአንዱ ፓኬት ዋጋ 60 ነው። ጠያቂው ሲመጣ የወጣው ገንዘብ በትክክል ይታወሳል፣ የፓኬቱ ብዛት ግን 8 ተብሎ ይመዘገባል። በተለይ ሲጋራ በነጠላ በሚገዛበት ቤት፣ ወይም መልስ የሚሰጠው ከአጫሹ ሌላ የቤተሰብ አባል በሆነበት ቤት እንዲህ ያለ ስህተት የተለመደ ነው። አሁን 600 ለ8 ሲካፈል 75 ይመጣል። በመዝገቡ ላይ «ዋጋው» በ25 በመቶ ከፍ፣ ፍጆታው በ20 በመቶ ዝቅ ብሎ ይታያል። በእውኑ ዓለም ግን አንድም ነገር አልተለወጠም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እንዲህ ሲሳሳቱ፣ የዋጋ ምላሽ የሚመስል ነገር ከተረሱ ፓኬቶች ብቻ ይፈጠራል፤ ቁጥሩንም ወደ −1 ይጎትተዋል። ጠያቂው በነጠላ የተገዛውን ወደ ፓኬት በሚቀይርበት ጊዜ የሚፈጠረው ስህተትም ውጤቱ ያው ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይበልጥ ድሃውን ይመለከታል። ታክስ ሲጨመር ድሃ አጫሽ ያለው ምርጫ መቀነስ ወይም ማቆም ብቻ አይደለም፤ ወደ ርካሽ ምርት ይወርዳል። ያው ቤተሰብ የሚያጨሰው ሲጋራ ከ60 ወደ 90 ተወደደ እንበል፤ የ50 በመቶ ጭማሪ ነው። ቤተሰቡ 72 ወደሚሸጥ ሌላ ምርት ዞሮ 9 ፓኬት ገዛ። በመረጃው ላይ ፓኬቱ ከ60 ወደ 72፣ ማለትም በ20 በመቶ ብቻ የተወደደ ይመስላል፤ ፍጆታ ደግሞ በ10 በመቶ ቀንሷል። 10ን ለ20 ያካፈለ ተንታኝ −0.5 ያገኛል። የገጠመው የዋጋ ጭማሪ ግን 50 በመቶ ስለነበር፣ በፓኬት ብዛት የሚለካው ምላሽ −0.2 ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የምርት ለውጥ ነው፤ ሳንባ ደግሞ የርካሹንና የውዱን ጭስ አይለይም።

ይህን ሁለት ጊዜ የሚያሳስት መረጃ ማቃናት እንደሚቻል ያሳየው አንገስ ዲተን ነው፤ በ2015 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ምሁር ነው። በ1988 የኮትዲቯርን የቤተሰብ ጥናት ይዞ ያቀረበው ዘዴ የተሠራው ለምግብ ነበር፤ በኋላ ብዙዎች ለትምባሆ ተጠቀሙበት። ሐሳቡ የተመሠረተው ጥናቱ በሚካሄድበት ሥርዓት ላይ ነው። ጠያቂዎች በአንድ የቆጠራ ቦታ፣ በተቀራራቢ ቀናት፣ ጥቂት ጎረቤታማ ቤተሰቦችን ይጠይቃሉ። እነዚህ ጎረቤታሞች የሚገዙበት ገበያ አንድ ስለሆነ የሚገጥማቸው ዋጋም አንድ ነው ተብሎ ይወሰዳል። እንግዲህ በአንድ የቆጠራ ቦታ ውስጥ አንዱ ቤተሰብ ለፓኬት 60፣ ሌላው 75 የከፈለ ሆኖ ከታየ፣ ልዩነቱ የምርት ምርጫ ወይም የማስታወስ ስህተት እንጂ የዋጋ ሊሆን አይችልም። ዲተን ይህን የጎረቤታሞች ልዩነት ለይቶ ይለካል፤ የስህተቱን መጠንም ከዚያ ያውቃል። ቀጥሎ አንዱን የቆጠራ ቦታ ከሌላው ያነጻጽራል፤ እውነተኛ የዋጋ ልዩነት የሚገኘው እዚያ ነውና። ከዚህ ንጽጽር ላይ አስቀድሞ የለካውን ስህተት ይቀንሳል። ገቢ ሲያድግ ቤተሰቡ የሚገዛው ምርት ጥራት ምን ያህል እንደሚጨምር ካየው ተነስቶ፣ ወደ ርካሽ ምርት መውረድ የፈጠረውን መዛባትም ያርማል።

ለጸሐፊያችሁ የምመክረው የመጀመሪያ ፈተና ከዚሁ የተወሰደ ነው። ስሌታቸውን በአንድ የቆጠራ ቦታ ውስጥ ባሉ ቤተሰቦች መካከል ብቻ ይድገሙት። ዋጋ ባልተለያየበት ቦታ ልጠጣው አሁንም ወደ −1 የሚጠጋ ሆኖ ከተገኘ፣ ያተሙት ቁጥር በአብዛኛው የመርሳት ውጤት ነው።

ዘዴው ግን ሁሉን አይፈታም። በመላ አገሪቱ የሲጋራ ዋጋ አንድ በሆነበት ቦታ በቆጠራ ቦታዎች መካከል የሚቀረው ልዩነት በዋናነት የትራንስፖርት ወጪና የኮንትሮባንድ ነው፤ ከዚህ ስስ ልዩነት የወጣ ልጠጣ ሊታመን አይገባም። በአንድ የቆጠራ ቦታ ውስጥ አጫሽ ያለባቸው ቤተሰቦች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑም ስህተቱን የምንለካበት መሠረት ይጠፋል። ጥናቱን በገቢ ከፋፍለን ድሃውን ለብቻ ስንመለከት ደግሞ ይህ እጥረት ይብሳል።

ትንታኔያችሁ ጨርሶ ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ስሌቱ የተሠራው በአጫሾች ላይ ብቻ ነው፤ ያቆመ ሰው ከመረጃው ወጥቷል። 100 አጫሾችን እናስብ፤ ሃምሳው በቀን 4፣ ሃምሳው በቀን 16 ሲጋራ ያጨሳሉ። ድምሩ 1000፣ አማካዩ 10 ነው። ዋጋ በ20 በመቶ ሲጨምር በቀን 4 ከሚያጨሱት ውስጥ 10 ሰዎች አቆሙ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቀጠለ። ድምሩ ወደ 960 ወረደ፤ በ90 ሰው ሲካፈል ግን አማካዩ ወደ 10.7 ወጣ። አጫሾችን ብቻ የሚያይ ተንታኝ ዋጋ ሲጨምር ሰው አብዝቶ አጨሰ ብሎ ይጽፋል፤ እውነቱ ግን አጠቃላይ ፍጆታ በ4 በመቶ መቀነሱና 10 ሰዎች ማቆማቸው ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ለሁለት የሚከፍሉት፤ መጀመሪያ ዋጋው ሰውየው ማጨሱንና አለማጨሱን እንዴት እንደለወጠው፣ ቀጥሎ ከሚያጨሱት መካከል መጠኑን እንዴት እንደለወጠው ይጠይቃሉ። ብዙ ጥናቶች ከጠቅላላው ምላሽ ግማሽ የሚሆነው ከመጀመሪያው ክፍል እንደሚመጣ አግኝተዋል።

ይህ ክፍፍል «ታክሱ የድሃውን ኪስ አይነካም» ለሚለው መደምደሚያ ወሳኝ ነው። የፓኬቱ ዋጋ 100፣ በውስጡ ያለው ታክስ 40 ይሁን። ታክሱ በ20 ቢጨምርና ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ገዢው ቢተላለፍ ዋጋው 120 ይሆናል። የድሃ ቤተሰቦች ልጠጣ −0.6 ነው ብንል እንኳ፣ በአንድነት 100 ፓኬት ይገዙ የነበሩት 88 ይገዛሉ። ቀድሞ 4000 ታክስ ይከፍሉ ነበር፤ አሁን 88 በ60 ተባዝቶ 5280 ይከፍላሉ። ልጠጣው −0.2 የሆነ ሀብታም ቡድን ከተመሳሳይ 100 ፓኬት ተነስቶ 5760 ይከፍላል። እርግጥ ነው፣ ከጭማሪው የሚበልጠውን የተሸከመው ሀብታሙ ነው። ነገር ግን ድሃውም የበለጠ ከፍሏል፤ ለሲጋራ የሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብም ከ10000 ወደ 10560 አድጓል። ዋጋ በጥቂቱ ሲጨምር ወጪው እንዲቀንስ ልጠጣው ከ−1 ማለፍ አለበት፤ ትንታኔያችሁ ያተመው ቁጥር እንኳ እዚያ አይደርስም።

ይህ 5280 ደግሞ የብዙ ቤተሰቦች ድምር ነው። በዚህ ድምር ውስጥ ሲጋራውን ትቶ ገንዘቡን ለቤቱ ያዋለ ቤተሰብ አለ፤ በእያንዳንዱ ፓኬት 20 ጨምሮ እየከፈለ ማቆም ያልቻለ ሱሰኛ ያለበት ቤተሰብም አለ። ለመጀመሪያው ታክሱ ጥቅም ነው፤ የሁለተኛው ግን ከልጆች ምግብ የተቀነሰ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ደምሮ «ድሃው አልተጎዳም» ማለት ሁለተኛውን ቤተሰብ ከዓይናችን ማጥፋት ነው። ታክሱን የምንደግፍ ሰዎች ይህን ቤተሰብ መደበቅ የለብንም፤ ይልቁንም ከታክሱ የሚገኘው ገቢ ሱስ ለማቆም ለሚረዳ ሕክምና እንዲውል መጠየቅ ይገባናል።

ወደ ርካሽ ምርት የመውረድ መንገዱን ማጥበብ እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። በፊሊፒንስ እስከ 2012 ድረስ በርካሽ ሲጋራ ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ በፓኬት 2.72 ፔሶ ሲሆን በጣም ውድ በሆነው ላይ 28.30 ፔሶ ነበር፤ ለድሃው መውረጃ ደረጃ ተሠርቶለት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የርካሹን ታክስ በ2013 ወደ 12 ፔሶ አሳደገው፤ በ2017 ደግሞ ለሁሉም ሲጋራ አንድ ወጥ 30 ፔሶ ሆነ። የአዋቂ አጫሾች ድርሻ በ2009 ከነበረበት 28 በመቶ አካባቢ በ2015 ወደ 23 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ይህን ሁሉ ታክሱ ብቻ አመጣው አልልም። ነገር ግን ታክሱ ወጥ ሲሆን ለድሃው የሚቀረው ምርጫ ወደ መቀነስና ወደ ማቆም ይጠባል፤ ከላይ ያየነው የ−0.5 እና የ−0.2 ልዩነትም አብሮ ይጠባል።

ስለዚህ ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ቁጥር «ዋጋ» ሳይሆን «ለአንድ ፓኬት የተከፈለ አማካይ ወጪ» ብላችሁ ጥሩት። ጸሐፊው በጎረቤታሞች መካከል ያለውን ፈተና ሠርተው ውጤቱን ያሳዩን። ያቆሙትንና የቀነሱትንም ለየብቻ፣ ለየገቢ ቡድኑ ያቅርቡልን፤ የማያጨሱት ቤተሰቦችም በዚያው የጥናት መዝገብ ውስጥ ስላሉ ለዚህ አዲስ መረጃ መሰብሰብ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተሰብ ጥናት መረጃ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ